ለሱቅ ባለቤት የሚጻፍ የምርት ማቅረቢያ ደብዳቤ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቤት ውስጥ የፀጉር ቅባት፣ የከንፈር ቅባት ወይም ሳሙና የምትሠራ ሴት ምርቷን ሱቅ ለማስገባት ደብዳቤ ልትጽፍ ስትቀመጥ ብዙ ምክር ትሰማለች። አንዳንዱ ምክር ደብዳቤውን ገና ሳይነበብ ያስጥለዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት ያህል ናቸው። አንቺ የራስሽን ቁጥር ተኪበት።

«ስለ ምርቴ ጥሩነት በደንብ ከጻፍኩ ይወስዱልኛል።»

ባለሱቋ በየሳምንቱ «ምርጥ፣ ንፁህ፣ ተፈጥሯዊ» የሚል ወሬ ትሰማለች። እሷ የምታስበው ስለ መደርደሪያዋ ነው። ይሄ ዕቃ የማንን ቦታ ይወስዳል? ስንት ያስቀርልኛል? ካልተሸጠስ ማን ይሸከመዋል? ደብዳቤሽ እነዚህን ሦስቱን ከመለሰ አንድ ገጽ አይሞላም። ለምሳሌ እንዲህ፦

*ይድረስ ለሱቁ ባለቤት፣*
*ጤና ይስጥልኝ። ከሺያ ቅቤ፣ ከጉሎ ዘይትና ከንብ ሰም የፀጉር ቅባት አዘጋጃለሁ። ሱቅዎ ገብቼ አይቻለሁ። ከውጭ የሚመጡት ቅባቶች ከ700 ብር ይጀምራሉ፤ ከዚያ በታች ያለው ቫዝሊን ብቻ ነው። የእኔ 100 ግራም ዕቃ 400 ብር ይሸጣል። ለእርስዎ በ280 አቀርባለሁ፤ ከእያንዳንዱ 120 ብር ይቀርልዎታል። ለመጀመሪያ 12 ዕቃ፣ በላዩ አንድ መሞከሪያ በነፃ አመጣለሁ። በስድስት ሳምንት ያልተሸጠና ያልተከፈተ ካለ መልሼ ወስጄ ገንዘብዎን እሰጣለሁ። ደረሰኝ እሰጣለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ናሙና ይዤ ብመጣ ይመችዎታል?*

ከሁሉም የሚሠራው ስለ 700 ብሩና ስለ ቫዝሊኑ የተጻፈው ነው። ይሄንን ሱቁ ውስጥ ያልገባ ሰው ሊጽፈው አይችልም። ያንኑ ደብዳቤ ለአሥር ሱቅ ፎቶ ኮፒ አድርገሽ ብትበትኚ ይሄ መስመር ይጠፋል፤ ባለሱቋም ወዲያው ታውቅብሻለች። ደረሰኙንም አትናቂው። መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ያለ ደረሰኝ የገዛውን ዕቃ ወጪው ላይ ለማሳየት ይቸገራል።

«ዋጋ ደብዳቤ ላይ አይጻፍም፤ ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ።»

ዋጋ የሌለው ደብዳቤ ሥራውን ለባለሱቋ ይጥልባታል። ደውላ እንድትጠይቅሽ ትጠብቂያለሽ፣ እሷ ደግሞ አትደውልም።

ከዚህ የባሰው ግን ዋጋውን በመቶኛ መጻፍ ነው። «30 በመቶ ያተርፋሉ» ስትዪ አንቺ የምታስቢው 280 ላይ 30 በመቶ መጨመር ሊሆን ይችላል። ያ 84 ብር ነው። እሷ ደግሞ ከመሸጫው፣ ማለትም ከ400 ላይ 30 በመቶ ብላ 120 ትጠብቃለች። በአንድ ዕቃ 36 ብር ልዩነት አለ። ይሄ ልዩነት የሚወጣው ሂሳብ በምትተሳሰቡበት ቀን ነው፤ ያኔ ደግሞ አንዳችሁ እንደተታለላችሁ ይሰማችኋል። ስለዚህ በብር ጻፊ፤ መግዣው ይሄ፣ መሸጫው ይሄ፣ የሚቀርልዎት ይሄ።

ወደ ሱቅ ከመሄድሽ በፊት 280 ብሩ አንቺን ያዋጣሽ እንደሆነ እይ። ጥሬ ዕቃ፣ ዕቃ መያዣው፣ መለያው፣ ትራንስፖርትና ያንቺ ጉልበት ተደምሮ 190 ከሆነ 90 ብር ይተርፍሻል። ጉልበትሽን ዜሮ ብለሽ ካሰብሽ ግን ቁጥሩ ይዋሽሻል። አንድ ተጨማሪ ሰው መቅጠር የሚያስፈልግሽ ቀን ትርፉ ይጠፋል።

«በአደራ ካስቀመጥኩላቸው ኪሳራ የለባቸውም፣ እምቢ አይሉም።»

«ተሸጦ ይከፈለኝ» ማለት ለባለሱቋ ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ግን እዚያው ነው። ገንዘቧን ያላወጣችበትን ዕቃ ለመሸጥ አትቸኩልም። ቅባትሽ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከሳሙናው ጀርባ ይቀመጣል። ከሁለት ወር በኋላ ስትሄጂ «አልሄደም እኮ» ትባያለሽ። እውነቷን ነው፤ ማንም አላየውም።

በሌላ በኩል በ280 ሒሳብ 12 ዕቃ 3,360 ብር ነው። ለማታውቀው ምርት ይሄን ካሽ ማውጣት ከብዷት ይሆናል። መካከለኛው መንገድ በደብዳቤው ላይ ያለው ነው። ትከፍላለች፣ ያልተሸጠውን ግን መልሰሽ ወስደሽ ገንዘቧን ትሰጫታለሽ። እሺ ካላለች ግማሹን በካሽ፣ ግማሹን በአደራ አድርጊው። ንጹህ አደራ የመጨረሻ ምርጫሽ ይሁን፤ ያኔም ቢሆን በወረቀት ይስፈር። ስንት ዕቃ ገባ፣ ቆጠራው መቼ ነው፣ የተሰበረውና የጠፋው በማን ነው? በተለይ የጠፋው። የጋራ ቆጠራ ሳይደረግ አንድ ዕቃ ቢጎድል ጭቅጭቁ ከ280 ብሩ ይበልጣል።

«የእኔ ተፈጥሯዊ ስለሆነ የማብቂያ ቀንም ፈቃድም አያስፈልገውም።»

ተፈጥሯዊ ነገር ይበላሻል። የሚለያየው ውሃ መኖሩና አለመኖሩ ነው። ዘይት፣ ቅቤና ሰም ብቻ ያለበት ቅባት ሻጋታ በቀላሉ አያወጣም፤ ከጊዜ ብዛት ግን ዘይቱ ይጎመዝዛል፣ ሽታው ይለወጣል። ትኩስ እሬት፣ የጽጌረዳ ውሃ ወይም የሻይ ቅጠል ውሃ ያለበት ክሬም ግን ያለ መከላከያ ጀርም የሚራባበት ነው። ቫይታሚን ኢ ጨምሬበታለሁ የሚሉ አሉ። ቫይታሚን ኢ የዘይቱን መጎምዘዝ ያዘገያል እንጂ ጀርም አይከላከልም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሱቅ ውሃ የሌለበትን ምርት ብቻ አቅርቢ ባይ ነኝ።

ሌላም አለ። ሺያ ቅቤ በሙቀት ቀልጦ ቀስ ብሎ ሲበርድ አሸዋ የመሰለ ፍሬ ይሠራል። አልተበላሸም፤ ደንበኛ ግን ተበላሸ ብሎ ይመልሰዋል። መስኮት አጠገብ እንዳያስቀምጡት ከዕቃው ጋር በትንሽ ወረቀት ንገሪያቸው።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ የውበት መጠበቂያዎች በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ናቸው፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ተቆጣጣሪ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ባለሱቋን ስለሆነ፣ ወረቀትሽን መጠየቋ አይግረምሽ። ምን እንደሚያስፈልግሽ ደብዳቤውን ከማድረስሽ በፊት ባለሥልጣኑን ወይም የክልልሽን ተቆጣጣሪ ጠይቂ። ሂደት ላይ ከሆንሽ «ጨርሻለሁ» ብለሽ አትጻፊ። መለያው ላይም «ፎረፎር ያድናል»፣ «ለራሰ በራ ፀጉር ያበቅላል» አትበዪ። ያድናል ያልሽ ቀን ምርትሽ እንደ መድኃኒት መታየት ይጀምራል። «ፀጉር ያለሰልሳል» በቂ ነው።

«ቴሌግራም ላይ በቅናሽ ብሸጥ ሱቁ የት ያውቃል?»

ደንበኛዋ ስልኳን አውጥታ ታሳያታለች። ሱቅ ውስጥ 400 የሆነው ቻናልሽ ላይ 320 ከሆነ ባለሱቋ ከዚያ በኋላ አታዝም። ቅናሽ ከፈለግሽ ሱቁ የሌለውን ጥቅል ሽጪ፤ ለምሳሌ ሦስት ዕቃ አንድ ላይ።

«መልስ ካልሰጡኝ አልፈለጉም ማለት ነው።»

ብዙ ጊዜ ደብዳቤው ካሸር ጠረጴዛ ስር ነው ያለው። ከአራት አምስት ቀን በኋላ፣ ሱቁ ጭር በሚልበት ሰዓት፣ ናሙናውን ይዘሽ ሂጂ። ለበዓል ሰሞን እንዲገባ ከፈለግሽ ከወር በፊት አድርሺው፤ በዋዜማው ሳምንት ማንም አዲስ ዕቃ ለማየት ጊዜ የለውም። በግልጽ «አይሆንም» ካሉሽ ደግሞ ምክንያቱን ጠይቂ። ዋጋው ነው፣ መያዣው ነው ወይስ ቦታ የለም? ሁለት ሱቅ በተከታታይ መያዣውን ካነሱ፣ ሦስተኛው ጋ ከመሄድሽ በፊት መያዣውን ቀይሪ።