ኬቶኑን ለውጦ ኤስተሩን መተው፦ የሃይድራይድ ምርጫ በድሬዳዋ ሙቀት

በአንድ ሞለኪውል ላይ ሁለት ካርቦኒል፣ ማለትም እንደ ኬቶንና ኤስተር ያለ ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ የተያያዙበት ክፍል፣ ሲገኝ፣ አንዱን ወደ አልኮል ለውጦ ሌላውን እንዳለ መተው በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ደጋግሞ የሚያጋጥም ሥራ ነው። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚነሱት ሁለት ነጫጭ ዱቄቶች ናቸው። አንደኛው ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ (NaBH4)፣ ሁለተኛው ሊቲየም አልሙኒየም ሃይድራይድ (LiAlH4) ነው። ሁለቱም የሚሰጡት ያው ሃይድራይድ ነው፤ ማለትም ጥንድ ኤሌክትሮን ይዞ የሚሄድ ሃይድሮጅን። የሚለያዩት በጉልበታቸው ነው። ሁለቱም በ1940ዎቹ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከሄርማን ሽሌሲንገር የምርምር ቡድን የወጡ ሲሆኑ፣ ከቡድኑ አባላት አንዱ የነበረው ኸርበርት ብራውን በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

የጉልበታቸው ልዩነት የሚመነጨው ሃይድሮጅኑን ከያዘው አቶም ነው። አልሙኒየም ከቦሮን ይልቅ ኤሌክትሮን የመሳብ ዝንባሌው ዝቅተኛ ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ የተቀመጠው ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኑን ወደ ራሱ አጥብቆ ይይዛል፤ ለመሄድም ይቸኩላል። ትንሿ የሊቲየም አዮን ደግሞ የካርቦኒሉን ኦክስጅን ይዛ ካርቦኑን ይበልጥ ኤሌክትሮን የተራበ ታደርገዋለች። ቦሮሃይድራይድ ግን ረጋ ያለ ነው፤ ኤታኖል ውስጥ ተጨምሮ እንኳ ሥራውን ለመሥራት በቂ ጊዜ ያገኛል። ሊቲየም አልሙኒየም ሃይድራይድ ግን ኤታኖል ቢያገኝ ካርቦኒሉን ሳያይ እዚያው ይነድዳል።

ከተቀባዩ በኩልም ደረጃ አለ። አልዲሃይድ ከሁሉ ይቀድማል፣ ኬቶን ይከተላል፣ ኤስተር በሩቅ ይመጣል። የኤስተሩ ካርቦኒል ጎን ያለው ሁለተኛው ኦክስጅን ከራሱ ኤሌክትሮን ስለሚያካፍለው፣ ካርቦኑ ረሃቡ ይታገስለታል። ስለዚህ ረጋ ያለው ቦሮሃይድራይድ ኬቶኑን ሲያገኝ ይሰጣል፤ ኤስተሩን ግን በቀዝቃዛ ሁኔታና በአጭር ጊዜ ብዙም አይነካውም። የምርጫው መሠረት ይኸው ነው።

እዚህ አንድ ጉዳይ ይዘን በዝርዝር እንሂድ። ኤቲል አሴቶአሴቴት በአንድ ጫፉ ኬቶን፣ በሌላው ኤስተር ያለው፣ ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ፈሳሽ ነው። ድሬዳዋ ላይ ቤተ ሙከራ የሚያስተምር ሰው ከዚህ የተሻለ የመምረጥ ትምህርት አያገኝም ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ውጤቱን ያለ ውድ መሣሪያ በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል።

13 ግራም ኤቲል አሴቶአሴቴት (0.1 ሞል) በ100 ሚሊ ሊትር ኤታኖል ይሟሟና ፍላስኩ በበረዶ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። እየተማሰለ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ 1.9 ግራም ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ (0.05 ሞል) በጥቂት በጥቂቱ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ወስዶ ይጨመራል። አንድ ሞል ቦሮሃይድራይድ አራት ሃይድራይድ ስላለው በስሌት የሚያስፈልገው ሩቡ፣ 0.95 ግራም ብቻ ነበር። እጥፍ የምናደርገው ኤታኖሉ ራሱ ጥቂቱን ስለሚበላ ነው። ከዚያ በላይ መጨመር ግን ስህተት ነው። ብዙ ተማሪ «ይበልጥ ቢጨመር ይበልጥ ይሳካል» ብሎ ያስባል፤ እዚህ ላይ ግን ትርፉ ኤስተሩን ለመንካት ይሄዳል። በተለይ ኬቶኑ አልኮል ከሆነ በኋላ አጠገቡ ያለው ኤስተር ከተለመደው ኤስተር ይልቅ ለመጠቃት ይቀርባል፤ አዲሱ አልኮል ቦሮኑን ይዞ ወደ ኤስተሩ ያስጠጋዋልና።

አንድ ሰዓት ከተማሰለ በኋላ የተረፈው ሃይድራይድ በቀዝቃዛ የአሞኒየም ክሎራይድ ውሃ ይገደላል። ጠብታ በጠብታ ነው የሚገባው፤ አረፋው ሃይድሮጅን ስለሆነ በአካባቢው ነበልባል መኖር የለበትም። ኤታኖሉ ይተናል፣ የቀረው በኤቲል አሴቴት ይሳባል፣ በጨው ውሃ ታጥቦ በደረቅ ማግኒዢየም ሰልፌት ይደርቃል። የሚገኘው ኤቲል 3-ሃይድሮክሲቡታኖኤት ነው። ሙሉ ውጤቱ 13.2 ግራም ሲሆን፣ ሁለት ሦስተኛው በእጅ ቢገባ ደግ ሥራ ነው።

አሁን ማረጋገጫው። ከውጤቱ ሁለት ጠብታ በኤታኖል ሟሙቶ ቀጭን የፌሪክ ክሎራይድ ውሃ ይንጠባጠብበታል። ኤቲል አሴቶአሴቴት ካለ ወዲያው ቀይ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ ቀለም ይወጣል፤ በከፊል ኤኖል በሚባለው መልኩ ስለሚኖር ብረቱን ይይዘዋል። ኬቶኑ ከተለወጠ ይህ መልክ አይኖርም፤ ፈሳሹ የብረቱን ደብዛዛ ቢጫ እንደያዘ ይቀራል። ሁለተኛው ፈተና የብሬዲ መፍትሔ ነው። ኬቶን ሲያገኝ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ዝቃጭ ይሰጣል፤ ኤስተር አያስነሣውም። ሁለቱ ፈተናዎች ዝም ካሉ ኬቶኑ አልቋል ማለት ነው። ኢንፍራሬድ መሣሪያ ያለው ደግሞ በ1735 cm⁻¹ አካባቢ የኤስተሩ ጫፍ እንደቀረ፣ በ3400 አካባቢም ሰፊ የአልኮል ጫፍ እንደተከሰተ ያያል።

ፈተናዎቹ የማያሳዩት አንድ ጉድለት አለ። ኤስተሩም ተለውጦ ከሆነ የሚወጣው 1,3-ቡታንዳዮል ነው፤ እርሱም ለሁለቱም ፈተና ዝም ይላል። የሚያጋልጠው ክብደቱ ነው። ይህ ዳዮል በውሃ እጅግ ስለሚሟሟ ከውሃው ጋር ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ ቀለሙ ንጹህ ሆኖ ውጤቱ ሲያንስ፣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ቦሮሃይድራይዱ ከመጠን በላይ መሆኑ ወይም በረዶው ቀልጦ ፍላስኩ መሞቁ ላይ መውደቅ አለበት።

በነገራችን ላይ የዳቦ እርሾም ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ስኳር ባለበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እርሾው ኬቶኑን ብቻ ይለውጣል፤ እንደ ነገርና የመስታወት ምስሉ ከሚለያዩት ሁለት የውጤቱ ቅርጾችም በአብዛኛው አንዱን ብቻ ያወጣል፣ ቦሮሃይድራይዱ ግን ሁለቱን እኩል ይሰጣል። ቀናት ይወስዳል እንጂ ለማየት የሚያስደስት ነው።

ጥያቄው ሲገለበጥ ነገሩ ይከብዳል። ኤስተሩ ይለወጥ፣ ኬቶኑ ይቅር ብንልስ? ሊቲየም አልሙኒየም ሃይድራይድ ኤስተሩን የመለወጥ ጉልበት አለው፤ ግን ኬቶኑን አልፎ ወደ ኤስተሩ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ኃይለኛ ማለት መራጭ ማለት አይደለም። በኤቲል አሴቶአሴቴት ላይ ደግሞ በቀጥታ ቢጨመር፣ በሁለቱ ካርቦኒሎች መካከል ያለውን አሲዳማ ሃይድሮጅን አስቀድሞ ስለሚነጥቅ ውጤቱ ድብልቅልቅ ይሆናል። መፍትሔው ኬቶኑን መሸፈን ነው።

መሸፈኛው ኤቲሊን ግላይኮል ነው። ከኤቲል አሴቶአሴቴትና ከጥቂት ፓራ-ቶሉዊንሰልፎኒክ አሲድ ጋር በቶሉዊን ውስጥ ይፈላል፤ የሚወጣው ውሃ በጎን ቱቦ ይጠራቀማል። ለ0.1 ሞል 1.8 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲሰበሰብ ሥራው አልቋል ማለት ነው። ግላይኮሉ ኬቶኑን ብቻ መርጦ ቀለበት ይሠራበታል። ይህ ቀለበት፣ ኬታል የሚባለው፣ አሲድ ካላገኘ ሃይድራይድ አይነካውም። የፌሪክ ክሎራይዱ ቀለም እዚህም ያገለግላል፤ ቀለም ከወጣ ያልተሸፈነ ቀርቷል።

ቀጥሎ የሚመጣው ደረጃ ድሬዳዋ ከሌላ ከተማ የምትለይበት ነው። የተለመደው መሟሟያ ዳይኤቲል ኤተር በባሕር ጠለል ላይ በ34.6 ዲግሪ ይፈላል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል የአየር ግፊቱ ቀንሶ መፍያው ወደ 31 ዲግሪ ይወርዳል፤ በግንቦትና በሰኔ ቀትር የከተማዋ ሙቀት ግን ከዚህ ያልፋል። ኤተሩ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። ሐረር ላይ መፍያው ይብሱኑ ዝቅ ብሎ 29 ገደማ ቢሆንም ቀኑ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነገሩ ይቀላል። ስለዚህ በድሬዳዋ ቴትራሃይድሮፉራን መጠቀም ይሻላል። በባሕር ጠለል ላይ በ66 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ በከፍታው ምክንያት አራት ዲግሪ ያህል ቢያጣም በቂ ርቀት ይቀረዋል። ሥራውም በጠዋት ቢጀመር ይመረጣል። የማቀዝቀዣው ቱቦ ውስጡም መታየት አለበት፤ የአካባቢው ውሃ ድንጋይ ስለሚሠራ ነጩ ቅርፊት መስታወቱን ሲለብሰው ማቀዝቀዙ ይዳከማል።

8.7 ግራም ኬታል (0.05 ሞል) በደረቅ ቴትራሃይድሮፉራን ተሟሙቶ፣ በበረዶ በቀዘቀዘው 1.5 ግራም ሊቲየም አልሙኒየም ሃይድራይድ ላይ ጠብታ በጠብታ ይወርዳል። አንድ ኤስተር ሁለት ሃይድራይድ ስለሚበላ በስሌት 0.95 ግራም ይበቃ ነበር፤ ትርፉ ለጥንቃቄ ነው። ሁሉ ዕቃ በምድጃ የደረቀ፣ አየሩም በናይትሮጅን የተተካ መሆን አለበት። እሳት ቢነሣ ውሃ ፈጽሞ አይረጭበትም፤ ደረቅ አሸዋ አስቀድሞ በአጠገብ ይቀመጣል።

ማክተሚያው ልኬቱን የሚጠብቅ ነው። ለ1.5 ግራም ሃይድራይድ መጀመሪያ 1.5 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከዚያ 1.5 ሚሊ ሊትር 15 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በመጨረሻ 4.5 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ሁሉም በበረዶ ላይ እጅግ በዝግታ። ልኬቱ ሲጠበቅ አልሙኒየሙ ነጭ ቅንጣት ሆኖ በቀላሉ ይጣራል። ውሃ ዝም ብሎ ከተጨመረ ግን እንደ ሙጫ የሚይዝ ዝልግልግ ይሆንና ውጤቱን አብሮ ይውጠዋል።

በመጨረሻ ቀለበቱ በቀጭን አሲድ ተከፍቶ ኬቶኑ ይመለሳል፤ የሚገኘው 4-ሃይድሮክሲ-2-ቡታኖን ነው። የብሬዲ መፍትሔ አሁን ብርቱካናማ መሆን አለበት። አሲዱ ከበረታ ወይም ከሞቀ ሞለኪውሉ ውሃ ጥሎ ሜቲል ቪኒል ኬቶን ይሆናል፤ ይህም ዓይን የሚያስለቅስ መርዛም ተን ነው። ስለዚህ ይህ ደረጃ በጭስ መሳቢያ ውስጥ፣ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ኬታሉ ሲያልቅም አሲዱ ወዲያው በቤካርቦኔት ይገደላል።

ኤስተሩን አልዲሃይድ ላይ አስቁሞ መመለስ የሚያስችል ሦስተኛ አማራጭም አለ፤ ዳይአይሶቡቲል አልሙኒየም ሃይድራይድ ይባላል። የሚሳካው ግን ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ላይ ሲያዝ ነው፤ ይህ ደግሞ ደረቅ በረዶና አሴቶን ይጠይቃል። ደረቅ በረዶ በሌለበት ቤተ ሙከራ ኬታሉን እንዳለ እስከ አልኮል ማውረድ፣ ከዚያም ቀለበቱ ሳይከፈት አልኮሉን ረጋ ባለና አሲድ በማይፈጥር ኦክሳይድ አድራጊ ወደ አልዲሃይድ መመለስ ይቀላል።