«ያማኔ፣ 1967» ያልነው መጽሐፉን አይተን ነው? ከሌላ ጽሑፍ ውስጥ ስለሚወሰድ ጥቅስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቀመሩ የያማኔ ነው። መጽሐፉን ባላየውም ያማኔን ብጠቅስ ምን ችግር አለው?»

ማጣቀሻ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ሐሳቡ የማን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ ጸሐፊው ሐሳቡን የት እንዳገኘው ነው። ሁለተኛው ሐሰት ከሆነ አንባቢው ተከትሎ ሄዶ ማጣራት አይችልም፤ ስህተት ቢገኝም ከየት እንደገባ አይታወቅም።

በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ የያማኔን ያህል የሚደጋገም የውጭ ስም ጥቂት ነው። የናሙና መጠን ለማውጣት የሚጻፈው ቀመር ይህ ነው፦

```
n = N / (1 + N·e²)
```

N የጥናቱ ሕዝብ ጠቅላላ ብዛት፣ n የሚፈለገው ናሙና፣ e ደግሞ የስህተት ወሰን ነው። መጽሐፉ የታሮ ያማኔ የስታቲስቲክስ መማሪያ ሁለተኛ እትም ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1967 ኒውዮርክ ላይ ታትሟል። ተማሪው ግን ቀመሩን ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከዚያ አይደለም። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ግሌን ኢስራኤል እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ናሙና መጠን አወሳሰን ጥቂት ገጾች ያሉት ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ስለሚገኝ በብዙ አገር ያሉ ተማሪዎች የሚቀዱት ከዚያ ነው። «ያማኔ፣ ገጽ 886» የሚለው ጥቆማ ሳይቀር እዚያ ላይ ተጽፏል። የ2,000 ሰዎች ሕዝብ ተወስዶ በ5 በመቶ የስህተት ወሰን 333 ናሙና የሚወጣበት ምሳሌም የዚያው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ አንድ ጥናት ገጽ 886ን ጠቅሶ ከሥሩ 2,000ን እና 333ን ካስከተለ፣ ጸሐፊው ያነበበው ኢስራኤልን እንደሆነ ነገሩን የሚያውቅ ፈታኝ ወዲያው ይለየዋል። በመከላከያው ቀን «እስኪ ገጽ 885 ላይ ምን ይላል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አይኖረውም።

«እንደተጠቀሰው ብዬ ከጻፍኩ ሁለቱንም መጻሕፍት ዋቢ ዝርዝር ውስጥ አስገባለሁ።»

በኤፒኤ ሥርዓት ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው በእጅህ ያለው ብቻ ነው። በጽሑፉ ውስጥ «(ያማኔ፣ 1967፣ በኢስራኤል፣ 1992 እንደተጠቀሰው)» ተብሎ ይጻፋል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ዝርዝር ግን ኢስራኤልን ብቻ ይይዛል። የዋናው ሥራ ዓመት ከታወቀ ይጻፋል፤ ካልታወቀ ይተዋል እንጂ በግምት አይሞላም። ቃል በቃል የተወሰደ ነገር ካለ የሚሰጠው የገጽ ቁጥር የኢስራኤል ነው፤ አንተ የገለጥከው ገጽ የእሱ ነውና። አንዳንድ የአጠቃቀስ ሥርዓቶች የሁለቱንም ሙሉ መረጃ ስለሚጠይቁ የትምህርት ክፍላችሁን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

«በግልጽ እስከጻፍኩ ድረስ የፈለግኩትን ያህል ብጠቀምበት ሐቀኛ ነኝ።»

ሐቀኝነቱ አያጠራጥርም፤ ሐቀኛ መሆን ግን ትክክል መሆን አይደለም። እንዲህ ያለው ጥቅስ በቁጥር እንዲወሰን የሚፈለገው፣ መካከል ላይ ያለው ጸሐፊ የወሰደው ለራሱ ጉዳይ የጠቀመውን ያህል ብቻ ስለሆነ ነው። ዋናው ጸሐፊ ከፊትና ከኋላ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ በመንገድ ላይ ይቀራል፤ ከእሱ የሚቀዳው ደግሞ የቀረውን እንደገና ያሳጥረዋል።

በዚሁ ቀመር ላይ ነገሩን እስከ መጨረሻው እንየው። ኢስራኤል ቀመሩን ሲያስቀምጥ የመተማመን ደረጃው 95 በመቶ፣ የምጣኔው ግምት ደግሞ 0.5 እንደሆነ ተወስዷል ብሎ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፏል። ከእሱ የቀዱ ብዙዎች ቀመሩን ወስደው ዓረፍተ ነገሯን ትተዋታል። ቁም ነገሩ ያለው ግን እሷ ላይ ነው። ለትልቅ ሕዝብ የተለመደው ስሌት ይህ ነው፦

```
n0 = z²·p·(1-p) / e²
```

እዚህ ላይ p የምጣኔው ግምት፣ z ደግሞ ከመተማመን ደረጃው የሚወጣ ቁጥር ነው፤ ለ95 በመቶ የመተማመን ደረጃ z 1.96 ነው። ለማቅለል 2 ብለን ብንወስደውና p 0.5 ቢሆን፣ 4 ሲባዛ በ0.25 አንድ ይሆናል፤ የሚቀረን 1/e² ብቻ ነው። ይህ በሕዝቡ ብዛት ሲስተካከል የያማኔ ተብሎ የሚታወቀውን ቀመር ይሰጣል። ቀመሩ እንዲህ አጭር የሆነው 95 በመቶው አስቀድሞ ውስጡ ስለተቀበረ ነው። የመተማመን ደረጃን የምንቀይርበት ቦታ የለውም።

ይህን ያላየ ሰው e የሚለውን ፊደል ከመተማመን ደረጃው ጋር ያምታታዋል። ኢስራኤል e ማለት የትክክለኛነት ደረጃ ነው ይላል፤ ማለትም ከናሙናው 60 በመቶው «አዎ» ካለ እውነተኛው ቁጥር በ55 እና በ65 መካከል ይሆናል የምንልበት ያ 5 ነጥብ ነው። ሲቀዳ ሲቀዳ በአንዳንድ ጥናቶች ላይ «e የመተማመን ደረጃው ከመቶ ሲቀነስ የሚቀረው ነው» ወደሚል ተለውጧል። በዚህ አረዳድ የጻፈ ተማሪ «በ90 በመቶ የመተማመን ደረጃ» ይልና e = 0.10 ያስገባል። ለ2,000 ሰው ሲሰላ 2,000 ለ21 ይካፈላል፤ ውጤቱ 95 ነው። በእርግጥ 90 በመቶ የመተማመን ደረጃን ከ5 በመቶ የስህተት ወሰን ጋር ቢፈልግ ኖሮ z 1.645 ሆኖ የሚያስፈልገው 239 ገደማ ነበር። በ95 ሰው የሰበሰበው መረጃ የስህተት ወሰኑ 10 ነጥብ ነው። የ52 እና የ45 በመቶ ልዩነት አግኝቶ «አብዛኛው ይደግፋል» ቢል ልዩነቱ ከወሰኑ ውስጥ ስለማይወጣ ድምዳሜው አይቆምም። የ99 በመቶ መተማመን ፈልጎ e = 0.01 ያስገባው ደግሞ ናሙናው 1,667 ይሆንበታል፤ በ5 በመቶ ወሰን ግን 499 ይበቃው ነበር። አንዱ መረጃው አነሰበት፣ ሌላው ገንዘቡንና ጊዜውን በከንቱ አፈሰሰ።

ሌላው በመንገድ የሚቀረው ነገር የናሙናው አመራረጥ ነው። ቀመሩ የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው ከዝርዝር በእኩል ዕድል በዕጣ ሲወጣ ነው። መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያ ቤተሰብ እየተመረጠ ከሆነ የአንድ ቀበሌ ሰዎች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ በቀመሩ የወጣው ቁጥር ያንሳል። ኢስራኤል ራሱ እነዚህ ቁጥሮች መልስ የሰጡ ሰዎች ቁጥር እንደሆኑ፣ ለማይገኙና ለማይመልሱ ሰዎች ጭማሪ እንደሚያስፈልግ ጽፏል። ይህን ማስጠንቀቂያ ይዞ የተጓዘ ቅጂ ጥቂት ነው።

«ይህን ያህል ሰው ከጠቀሰው ትክክለኛነቱ ተረጋግጧል ማለት ነው።»

መቶ ሰው ከአንድ ጽሑፍ ቀድቶ ከሆነ ያለው ምስክር አንድ ብቻ ነው። ይህ ራሱ ቀመር በፊሊፒንስ «የስሎቪን ቀመር» ይባላል፤ «ስሎቪን፣ 1960» እየተባለም በብዙ ጥናቶች ተጠቅሷል። ሁሉም ከቀደመው ወስዶ ለቀጣዩ አሳልፏል፤ ስሎቪን ማን እንደሆነና የቱ መጽሐፍ ላይ እንደጻፈው ግን አጥጋቢ ማስረጃ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2012 የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መጽሔት ላይ የቀመሩን አለአግባብ አጠቃቀም የሚመረምር ጽሑፍ ወጥቶ ቀመሩ ለምጣኔ ግምትና ለ95 በመቶ የመተማመን ደረጃ ብቻ እንደሚያገለግል አስረድቷል። ስማቸው ያላቋረጠ፣ መጽሐፋቸው ግን ያልታየ ደራሲዎች የሚፈጠሩት እንዲህ ነው።

የተቀባበለ ጥቅስን ለመለየት አንድ ቀላል መንገድ አለ። ሦስት አራት ጥናቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ጥቅሱን ማነጻጸር። የገጽ ቁጥሩ፣ ምሳሌው፣ የፊደል ስህተቱ ሳይቀር አንድ ከሆነ ምንጩ አንድ ነው። በተቃራኒው የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር ከጥናት ጥናት የሚለያይ ከሆነ መጽሐፉን የከፈተው የለም ብሎ መጠርጠር ይገባል።

«ዋናው መጽሐፍ የድሮ ስለሆነ አይገኝም።»

«አይገኝም» ብዙ ጊዜ «አልፈለግኩትም» ማለት ነው። ፍለጋው ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም። መጀመሪያ በእጅ ካለው ጽሑፍ ዋቢ ዝርዝር ላይ የመጽሐፉን ሙሉ ርዕስ፣ እትሙንና የገጹን ቁጥር መገልበጥ። ርዕሱን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጎ በ Google Books መፈለግ፤ እዚያ መጽሐፉ ሙሉ ባይከፈትም ውስጡ አንድ ሐረግ ፈልጎ ገጹን ማግኘት የሚቻልበት ጊዜ አለ። ከዚያ archive.org ላይ ማየት፤ በርካታ የድሮ መማሪያ መጻሕፍት በውሰት ይነበባሉ። ሦስተኛው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው፤ ርዕሱንና ገጹን ይዞ የቀረበን ተማሪ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ቅጂ ማስመጣት የሚችሉ አሉ። መጽሐፉ ሲገኝ ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም፤ የተጠቀሰው ገጽ፣ ከፊቱ ሁለት ገጽ፣ ከኋላው ሁለት ገጽ፣ እንዲሁም ምልክቶቹ የተተረጎሙበት ክፍል ይበቃል።

ካልተገኘ ደግሞ መጽሐፉን የግድ መጥራት እንደሌለብን ማስታወስ ነው። ያነበብነው ኢስራኤልን ከሆነ ኢስራኤልን በቀጥታ መጥቀስ ይቻላል፤ ወይም ልናገኘው በምንችለው መጽሐፍ መተካት፣ ለምሳሌ በኮክራን የናሙና መማሪያ፣ 1977፣ ሦስተኛ እትም።

በእውነት የማይገኝም አለ። የግብጹ ካህን ማኔቶ ስለ ፈርዖኖች የጻፈው ታሪክ ጠፍቷል፤ እኛ ዘንድ የደረሰው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ፣ አፍሪካኑስና አውሳብዮስ የጠቀሱት ቁርጥራጭ ብቻ ነው። እዚህ ላይ «እንደተጠቀሰው» ማለት ግዴታ ነው። መጽሐፉ በማናውቀው ቋንቋ ብቻ ሲገኝም እንዲሁ። ትርጉሙን ካነበብን ግን ነገሩ ይለያል፤ ተርጓሚውን ጠቅሶ ትርጉሙን መጥቀስ ነው እንጂ የሁለተኛ እጅ ጥቅስ አይደለም።

«ዓመቱን ከመካከለኛው ጽሑፍ ላይ እንዳለ ብወስድ አይሳሳትም።»

የአማርኛ መጻሕፍት ላይ ይህ በተለይ ያሳስታል። በጥቅምት 1958 የታተመ መጽሐፍ በፈረንጅ አቆጣጠር 1965 ነው፤ በጥር 1958 የታተመው ግን 1966። የውጭ አጥኚ ወሩን ሳያይ ስምንት ደምሮ 1966 ይላል፤ እኛ ከእሱ ወስደን ሰባት ቀንሰን 1959 እንጽፋለን። መጽሐፉ ሳይንቀሳቀስ አንድ ዓመት ተጓዘ። አንዳንዱ ደግሞ 1958ን ሳይለውጥ ያስቀምጠውና የውጭ አንባቢ በፈረንጅ 1958 ነው ብሎ ያምናል። የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጾች ማየት ካልተቻለ ዓመቱን መካከለኛው ጸሐፊ እንደጻፈው ትቶ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካላስረዳ ወደ ሌላው አለመቀየር ነው።