ሠርግ ላይ «እህል ውሃቸው አለቀ» አይባልም

ባለፈው ጥር የዘመዳችን ልጅ ሠርግ ላይ ነበርኩ። መድረክ መሪው ሙሽሮቹ እንዴት እንደተዋወቁ ሲተርክ ቆይቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እነሆ የሁለቱ እህል ውሃ ዛሬ አለቀ!» አለ። ጉዳዩ ተቋጨ፣ ሰመረ ማለቱ ነው። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። የሙሽራዋ አያት ግን በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። እህል ውሃቸው ያለቀ ባልና ሚስት ይለያያሉ፤ እህል ውሃው ያለቀ ሰው ይቀበራል። በመጀመሪያው ቀናቸው የመለያያቸው ቃል ተነገረባቸው።

ይህን ስብሰለሰል ከጎኔ የተቀመጠ የተማረ ሰው ሌላ ነገር ጨመረ። «ቃሉ ራሱ የተበላሸ ነው። ግእዙ እክል ነው የሚለው፤ እህል ያሉት አፋቸው የሰነፈ ሰዎች ናቸው» አለኝ። የመድረክ መሪው ስሕተት አሳዘነኝ፤ የዚህኛው ግን አንገበገበኝ፤ ምክንያቱም ያ «የሰነፈ» አፍ የአያቴ አፍ ነው።

አያቴ የመንዝ ሴት ነበረች። ደጋ ነው፤ የሚበቅለው በብዛት ገብስ ነው። ጎተራው ከቤቱ ጓዳ፣ ጨለማው ውስጥ ይቆማል። አያቴ ቁናዋን ይዛ ስትገባ እኔ ኩራዙን እይዝላት ነበር። ገብሱ ወደ ቁናው ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ እስካሁን በጆሮዬ አለ። ክረምቱ ሲገፋ፣ እጇ የጎተራውን ወለል ሲነካ፣ «አለቀ» ብላ አታውቅም፤ «በረከተ» ትል ነበር። ወለሉንም ጠርጋ አታወጣም፤ አንድ እፍኝ ትተውለታለች። አንድ ቀን «አያቴ፣ ጎተራው አለቀ እኮ» ብያት እጇን አፌ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ።

ውሃው ደግሞ ከምንጭ በእንስራ ይመጣል፤ ቁልቁል ተወርዶ፣ ሽቅብ ተወጥቶ። ቀትር ላይ ደጃፍ የደረሰ መንገደኛ ማንነቱ ሳይጠየቅ አንድ ጣሳ ውሃና አንድ እፍኝ ቆሎ ይሰጠዋል። እነዚህን ከአንድ ቤት የቀመሰ ሰው በዚያ ቤት ላይ ክፉ ካደረገ ነውሩ የትውልድ ነው። «እህል ውሃ» እንግዲህ ምግብና መጠጥ ብቻ አይደለም። ሁለት ሰዎች ከአንድ ጎተራና ከአንድ እንስራ እንዲቀምሱ የተሰፈረላቸው ድርሻ ነው። ድርሻው እስካለ አብረው ናቸው፤ ካለቀ ሽማግሌ ተሰብስቦም አይመልሳቸውም።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ። አያቴ «ከማጀት» አትልም ነበር፤ «ኸማጀት» ነበር የምትለው፣ ከጉሮሮዋ በሚወጣ ሻካራ ትንፋሽ። ያ ትንፋሽ የስንፍና ሳይሆን የሥርዓት ውጤት ነው። «ከ» ስንል የምላስ ጀርባ የላንቃን ኋላ ነክቶ አየሩን ለቅጽበት ይዘጋዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ከፊትና ከኋላ አናባቢ ሲኖር አፍ ከክፍት ወደ ዝግ፣ ከዝግ ወደ ክፍት መመላለስ አለበት። በዚህ ጥድፊያ ምላስ ላንቃው ጋ ሳይደርስ ሲቀር በጠባቡ ክፍተት አየር እየፈገፈገ ያልፋል፤ «ኸ» ይሆናል። ትውልድ ሲደራረብ ፍግፍጉም ይለሰልስና «ህ» ይቀራል።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ግእዝ እህል «እክል» ነው። በግእዙ «ክ» እና «ል» ያለ አናባቢ የተጣበቁ ነበሩ። አማርኛ በመካከላቸው አጭር አናባቢ አስገባ፤ ያኔ «ክ» በሁለት አናባቢዎች መካከል ተገኘና ላላ፤ እህል ሆነ። ትግርኛ ደግሞ እኽሊ ብሎ መካከለኛው ደረጃ ላይ ቆሟል። ይኸው መንገድ በሌሎች ቃላትም ይታያል፦ ግእዙ ኮነ፣ የቀድሞዎቹ የአማርኛ መጻሕፍት ኾነ፣ የዛሬው ሆነ።

ጸሐፊዎቻችን ይህን በጆሯቸው ይዘውታል። «ኸ»ን ልብ ብላችሁ እዩት፤ «ከ» ነው፣ አናቱ ላይ አግድም ጭረት የተደረገበት። ግእዝ ይህ ፊደል አልነበረውም። የላላውን ድምፅ ለመጻፍ ሲባል የተቀጠለ ነው። የጥብርያዶስ ዕብራውያን ሊቃውንት በተቃራኒው ሄዱ፤ እነሱ ነጥብ ያደረጉት ያልላላው ፊደል ሆድ ውስጥ ነው። ዕብራይስጥም እንዲሁ ከአናባቢ በኋላ «ክ»ን ያላላል፤ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ለምግብ «ኦኸል» ሲሉ የሚውሉት ይህንኑ የእክልን ሥር ነው። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከአሠሪዎቿ «አክል» እየሰማች ትውላለች፤ ዐረብኛው አላላላውም።

ሁሉም ተነባቢ ግን አይላላም። ጠብቆ የሚነገር ድምፅ ይቋቋማል፤ ምላስ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚዘጋ ለመፈግፈግ ፋታ የለውም። ግእዙ መከረ በትግርኛ መኸረ ሲሆን በአማርኛ «ከ»ው ጠብቆ ስለሚነገር መከረ እንደሆነ ቀርቷል። ይህን በራሳችሁ ከንፈር መፈተን ትችላላችሁ። ጣታችሁን ከንፈራችሁ ላይ አድርጋችሁ «አባት» በሉ፤ «ባ» ጠብቆ ስለሚነገር ከንፈሮቻችሁ ጥብቅ ብለው ይገጥማሉ። ቀጥላችሁ ሳትጠነቀቁ፣ ፈጠን አድርጋችሁ «አበባ» በሉ። አሁን ከንፈሮቹ ሊነካኩ ይቀርቡና ሳይገጥሙ አየሩ በመካከላቸው ያልፋል። ጽሕፈቱ ሁለቱንም በ«በ» ይጽፋል፤ አፋችን ግን ዛሬም እያላላ ነው። ይህ መንገድ ሲቀጥል የት እንደሚያደርስ ከ«ሰው» ይታወቃል፤ ግእዙ ሰብእ ነው። «ቤተሰብ»ን ከግእዝ እንዳለ ስለወሰድነው «ብ»ው እስካሁን አለ።

እንግዲህ የራሴን እምነት ልናገር። «እህል ውሃ» የሚለው አባባል የተወለደው «ክ» ከላላ በኋላ ነው ባይ ነኝ። በሉት እስኪ፦ እህል ውሃ። ሁለቱም ቃላት መሐል ላይ አንድ ዓይነት ትንፋሽ አላቸው፤ አንዱ ሌላውን ይጠራዋል፤ ጉሮሮ ሳይዘጋ በአንድ እስትንፋስ ይወጣሉ። «እክል ውሃ» ብትሉት ግን መሐሉ ላይ ይደናቀፋል። ግእዙን ልከተል ያለ ሰው ደግሞ «እክል ወማይ» ይላል፤ ያ ሌላ ዜማ ነው። ዕጣ ፈንታን የሚያህል ነገር ሁለት ቃል ተሸክሞ ከትውልድ ትውልድ የተሻገረው ለአፍ ስለተመቸ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለአፍ ያመቸው ደግሞ ያ ጎረቤቴ «ስንፍና» ያለው መላላት ነው።

እህልን ወደ እክል እንመልስ ለሚሉትም አንድ ነገር ልበል። የዛሬ አማርኛ ተናጋሪ «እክል» ሲሰማ የሚታየው ገብስ አይደለም፤ መሰናክል ነው፤ «እክል ገጠመው» እንላለንና። ሙሽሮችን «እክል ውሃ አገናኛቸው» ብሎ የሚመርቅ ሰው ምን እንደመረቀ ራሱም አያውቅ።

መድረክ መሪዎች ሆይ፣ «እህል ውሃ ያገናኛቸው» በሉ፣ «እህል ውሃቸው አይለቅ» በሉ፣ «እህል ውሃቸው ይባረክ» በሉ። «አለቀ»ን ግን ሙሽሮቹ ፊት አታንሱብን። አያቴ ባዶ ጎተራ ላይ እንኳ ያላለችውን ቃል ገና ባልተሞላ ጎጆ ላይ አትጣሉት።