የአይኤልትስ ራይቲንግ የመጨረሻ 5 ደቂቃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«5 ደቂቃ ሲቀረኝ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አንዴ አነበዋለሁ»

እንደዛ ስታነቡ ዓይናችሁ የሚያየው የጻፋችሁትን ሳይሆን ልትጽፉ ያሰባችሁትን ነው፣ ስለዚህ ስህተቱን ዘላችሁት ታልፋላችሁ። ታስክ 2 ነጥቡ የታስክ 1 እጥፍ ስለሆነ ከሱ ጀምሩ፣ መደምደሚያው ካልተጻፈ ደግሞ እርማቱን ተዉትና በሁለት ዓረፍተ ነገር ዝጉት። ካለቀ ግን አንድ ዙር ለአንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዙር ግሱን ከባለቤቱ ጋር ማስተያየት፣ ሁለተኛው የብዙ ቁጥሯን ኤስ መፈለግ። ለምሳሌ «ሜኒ ስቱደንት ድሮፕ አውት ቢኮዝ ኤዱኬሽን ኮስት ቱ መች» ብላችሁ ጽፋችኋል እንበል። በመጀመሪያው ዙር ኤዱኬሽን ነጠላ ስለሆነ ኮስት ላይ ኤስ ትገባለች፣ በሁለተኛው ሜኒን ስታዩ ስቱደንት ላይ ትገባለች፣ እኛ ጋ «ብዙ ተማሪ»፣ «ሁለት ልጅ» ማለት ስለሚቻል ነው ይቺ የምታመልጠን፣ «ፒፕል ኢዝ» የምንለውም ሰው በአማርኛ «ሰው ይላል» እየተባለ በነጠላ ስለሚሄድ ነው፣ ስለዚህ ፒፕል፣ ሜኒ እና ቁጥር ያለበት ቦታ ሁሉ ቆም በሉ። ታስክ 1 ላይ ደግሞ ግራፉ ከ2000 እስከ 2020 ከሆነ በዛ ጊዜ የሆነውን የሚናገሩት ግሶች ፓስት መሆናቸውን ብቻ እዩ።

«መጀመሪያ የሚታየው ስፔሊንግ ነው»

ስፔሊንግ የሚታየው በቃላት መስፈርቱ ውስጥ ነው፣ እሱም ከአራቱ መስፈርቶች አንዱ ነው፣ ከዛም ውስጥ ስፔሊንግ ከፊሉ ብቻ። የግስና የኤስ ስህተት ግን አንዴ ከያዛችሁ በየዓረፍተ ነገሩ ይደጋገማል፣ ፈታኙ ደግሞ የሚያየው ስንቱ ዓረፍተ ነገር ከስህተት ነፃ እንደሆነ ነው። ስፔሊንግ መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ከጥያቄው የወሰዳችኋቸውን ቃላት ቀድማችሁ እዩ፣ ትክክለኛው ፊት ለፊታችሁ ተጽፏል እኮ! በኮምፒውተር ብትፈተኑም ስክሪኑ የቃላት ብዛት ይቆጥርላችኋል እንጂ ስፔሊንግ አያርምላችሁም። የእንግሊዝም የአሜሪካም አጻጻፍ ይቻላል፣ አንዱን ብቻ ያዙ።

«የተረፈችውን ደቂቃ ቀላል ቃላትን በከባድ መቀየሪያ ላድርጋት»

በፍፁም! ቃሉን ስትቀይሩ አብሮት የሚሄደው ፕሪፖዚሽንም ይቀየራል፣ ያንን የምታዩበት ጊዜ ደግሞ የለም፣ ትክክል የነበረው ዓረፍተ ነገር ይበላሻል። አንድ ቃል ከሦስት አራት ጊዜ በላይ አንድ አንቀጽ ውስጥ ከተደጋገመ አንዱን በደንብ በምታውቁት ቃል ለውጡት፣ ከዛ አትለፉ።

«ወረቀት ላይ ሰርዤ ካስተካከልኩ ነጥብ ይቀነሳል»

አይቀነስም። በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ትክክለኛውን ከላይ በሚነበብ ፊደል ጻፉ፣ ላጲስ ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ።