ደረጃ በደረጃ ድሪል ምንድን ነው? የጨቅላ ማነቃቃትን ሂደት ፈተና ላይ እንዳይጠፋ አድርጎ መያዝ

ክህሎት በተግባር የሚፈተንበት የኦስኪ ፈተና ክፍል ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ተፈታኟ ሲወለድ የማይተነፍስ ጨቅላን የማነቃቃት ቻርት ከላይ እስከ ታች በቃሏ ትወጣዋለች። አሻንጉሊቱ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ታደርቀዋለች፣ ጀርባውን ታሻለች፣ ማስኩን ፊቱ ላይ ታስቀምጥና በእጅ አየር የሚገፋውን አምቡ ባግ ትጨምቃለች። ደረቱ ግን አይነሳም። እዚህ ላይ ለአምስት ሰከንድ ያህል ቆማ ታየዋለች፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ደረት መጫን ትሄዳለች። ቻርቱን አልረሳችውም። ያጠናችው እንደ ዝርዝር ስለሆነ ከማስኩ ቀጥሎ የሚታወሳት ደረት መጫን ነው። «ደረቱ ካልተነሳስ?» የሚለው ጥያቄ በጭንቅላቷ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ደረጃ በደረጃ ድሪል የሚሞላው ይህንን ክፍተት ነው። አንድን የድንገተኛ ሕክምና ሂደት ወደ ትንንሽ ደረጃዎች ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ደረጃ ከአንድ ጥያቄ ጋር አስሮ፣ በእጅ እየሠሩ፣ ጮክ ብለው እየተናገሩና ሰዓት እየቆጠሩ መደጋገም ነው። ደረጃው የሚያልቀው ድርጊቱ ሲያልቅ ሳይሆን ጥያቄው ሲመለስ ነው። «አደረቅኩት» ብቻውን ደረጃ አይሆንም። «አደረቅኩት፤ እያለቀሰ ነው? አይደለም» ሲባል ግን ደረጃ ነው፣ ምክንያቱም ቀጣዩን ሥራ የሚጠራው «አይደለም» የሚለው ቃል ነው። በጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው ረጅም ዝርዝር ይጠፋበታል፣ አጠገቡ ያለ ጥያቄ ግን መልሱን ይስባል።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። ጓደኛህ ካርድ ያነባል፦ «በ39 ሳምንት የተወለደ፣ 3 ኪሎ የሚሆን፣ አያለቅስም፣ ሰውነቱ የላላ።» ሰዓቱ ይነሳል። በሞቀ ጨርቅ ማድረቅ፣ እርጥቡን ጨርቅ ማስወገድ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ በጣም ሳይታጠፍ በመጠኑ ቀና ማድረግ፣ አፍና አፍንጫው ላይ የሚዘጋ ነገር ካለ ብቻ መጥረግ ወይም መምጠጥ፣ ጀርባውን ማሸት። ጥያቄ፦ እየተነፈሰ ነው? አይደለም። እትብቱ ይቆረጣል፣ ማስክ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከተወለደ በ60 ሰከንድ ውስጥ ነው። ወርቃማዋ ደቂቃ የምትባለው ይህች ናት፣ በውስጧ ትንፋሽ ማገዝ መጀመር አለበት። ልምምድ ላይ ሰዓቱን ሲያዩ ብዙዎች የሚደነግጡት ማድረቅና ማሸት ላይ ብቻ 50 ሰከንድ መፍጀታቸውን ሲያውቁ ነው።

ትንፋሽ ማገዙ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ነው። ጥያቄው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ ደረቱ ይነሳል? እዚህ ላይ ጊዜ ወስዶ መለማመድ ያስፈልጋል፣ የፈተናውም ሆነ የማዋለጃ ክፍሉ ትልቁ ስህተት ያለው እዚሁ ነውና። ደረቱ ካልተነሳ በመጀመሪያ ማስኩ እንደገና ይስተካከላል፣ ጭንቅላቱም ቦታው ይታረማል። ካልሆነ አፍና አፍንጫው ይመጠጣል፣ አፉ በትንሹ ይከፈታል። አሁንም ካልሆነ የጭመቃው ኃይል በጥቂቱ ይጨመራል። እምቢ ካለ ሌላ የአየር መንገድ ማለትም ቱቦ ወይም ላሪንጂያል ማስክ ይታሰባል። ከእያንዳንዱ እርማት በኋላ ጥቂት ጊዜ ጨምቆ ደረቱን ማየት ግድ ነው።

ደረቱ እየተነሳ 30 ሰከንድ ካለፈ በኋላ የልብ ምት ይታያል። ለ6 ሰከንድ ቆጥሮ በ10 ማባዛት ነው፤ 5 ከቆጠርክ 50 ማለት ነው። 100ና ከዚያ በላይ ሆኖ ሕፃኑ በራሱ መተንፈስ ከጀመረ እገዛውን ቀስ በቀስ መተው ይቻላል። በ60ና በ100 መካከል ከሆነ ትንፋሹ ይቀጥላል። ከ60 በታች ከሆነ ደረት መጫን ይጀመራል፣ ሦስት ጊዜ ጭኖ አንድ ትንፋሽ፣ ኦክስጅኑም ከፍ ይደረጋል። ያቺ ተፈታኝ የሳተችው እዚህ ነው፤ «ከ60 በታች» የሚለው መስፈርት የሚሠራው ደረቱ ለተነሳለት ሕፃን ነው። ሳንባው አየር ሳያገኝ የወረደ የልብ ምት መድኃኒቱ አየር ነው፣ ደረት መጫን አይተካውም።

ሦስት ጭኖ አንድ ትንፋሽ የሚለውን ምት መያዝ ከባድ ነው። አንዱ ዙር 2 ሰከንድ ነው፣ በደቂቃ 90 ጭነትና 30 ትንፋሽ ይሆናል። የስልክህን ሜትሮኖም 120 ላይ አድርገህ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ትንፋሽ» እያልክ ቁጠር፤ እያንዳንዱ ቃል በአንድ ምት ላይ ይውደቅ። ከሁለት ቀን በኋላ ምቱ ያለ ስልኩ አፍህ ውስጥ ይኖራል።

ድሪሉን ከተራ ድግግሞሽ የሚለየው ስህተት ሲፈጠር የሚደረገው ነገር ነው። የተለመደው ልማድ «እንደገና ከመጀመሪያው!» ማለት ነው። ይህ ማድረቅን መቶ ጊዜ ያለማምድና የልብ ምት መለካትን ሦስት ጊዜ ብቻ ይተዋል። በእንግሊዝኛ ራፒድ ሳይክል ዴሊበሬት ፕራክቲስ በሚባለው የልምምድ ዘዴ ግን ስህተቱ እንደታየ ሥራው ይቆማል፣ እርማቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ጥቂት ደረጃ ተመልሶ ያው ቦታ በትክክል ይሠራል። ቴፕ እንደማጠንጠን ነው። ጓደኛህ «ቁም፣ ደረቱ አልተነሳም፣ ከማስኩ ጀምር» ይላል፣ አንተ ከማስኩ ትጀምራለህ። ሌላው የምመክረው ከመሃል መግባት ነው። ካርዱ ላይ «ማስክ ላይ ነህ፣ ደረቱ ተነስቷል፣ የልብ ምቱ 50 ነው፣ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ይጀመራል። ከላይ ብቻ የሚጀምር ሰው ፈታኙ መሃል ላይ ሲያስገባው ይጠፋል። ደግሞም አንድ ቻርት ብቻ ምረጥ፤ ከሁለት መመሪያ የተቀላቀለ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ይደባለቃል።

የእናቶች ድንገተኛ ችግር ላይ ግን ይህን ቅርፅ እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም። ከወሊድ በኋላ ያለ የደም መፍሰስን እንመልከት። እዚያ ጥያቄው በየደረጃው የሚጠየቅ አይደለም። ደም በመለኪያ ጨርቅ 500 ሚሊ ሊትር መድረሱ ከታየ ማህፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና የደሙን ምንጭ መመርመር በአንድ ላይ ይነሳሉ፤ አንዱ እስኪሠራ ሌላው አይጠበቅም። ይህ የተግባር ጥቅል ኢ-ሞቲቭ ይባላል፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ የተደረገው ሙከራ ውጤት በ2023 ታትሟል። ስለዚህ የዚህ ድሪል ልምምድ ብቻውን የሚሠራ ሰው አይሆንለትም። ሦስት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ ያዛል፣ አንዱ ያሻል፣ አንዱ መርፌ ያዘጋጃል፣ የሚለካውም «ኦክሲቶሲን ሰጠህ?» ተብሎ ሳይሆን ደሙ ከታየበት ሰዓት አንስቶ ስንት ደቂቃ ላይ አምስቱም እንደተጀመሩ ነው። ተፈታኝ ብቻውን ከቆመ ደግሞ «አንቺ ማህፀኑን ማሸት ጀምሪ፣ አንተ ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በ10 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ስጥ» ብሎ ለእያንዳንዱ ሰው ለይቶ ማዘዝ ይለማመድ፤ ፈታኙ በቼክሊስቱ የሚፈልገውም ትእዛዙ ለማን እንደተሰጠ ነው።