ስታይሎሜትሪ ምንድን ነው? «ከድሮ ጽሑፉ ይለያል» ማለት «እሱ አልጻፈውም» ማለት አይደለም

ሰሞኑን ይህን ቃል ያለቦታው ሲጠቀሙበት ደጋግሜ ሰማሁ። የመጨረሻው እዚሁ ሐዋሳ ነው። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስለ አሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች የአማርኛ ድርሰት አስገባ። 900 ቃል ገደማ ነው። ድርሰቱ ከወትሮው ስላማረ መምህሩ ተጠራጠሩ። የልጁን የድሮ ጽሑፎች አውጥተው ጎን ለጎን አስቀመጡ። «በመሆኑም» የሚለው ቃል በአዲሱ ድርሰት 11 ጊዜ አለ፤ በድሮዎቹ አንዴም የለም። ይህን ያየ አንድ አስተያየት ሰጪ «ስታይሎሜትሪ አረጋግጧል፣ ልጁ አልጻፈውም» ብሎ ፈረደ።

አላረጋገጠም። ገና አልተለካም እኮ!

ስታይሎሜትሪ የአጻጻፍ ልማድን በቁጥር መለካት ነው። ዋናው ትኩረቱ ሰው አስቦ የሚመርጣቸው ቃላት ላይ ሳይሆን ሳያስብ የሚደጋግማቸው ላይ ነው። «ግን»፣ «ደግሞ»፣ «ብቻ»፣ «ነው»፣ «ስለዚህ»። ከበድ ያለ ቃል ማንም ከመጽሐፍ ወይም ከጓደኛው ይወስዳል። በሺህ ቃል ውስጥ ስንት «ደግሞ» እንደሚጽፍ ግን ቆጥሮ የሚጽፍ የለም።

ጎረቤታችሁን ከሩቅ በአረማመዱ ትለዩታላችሁ አይደል? ነገሩ እንደዚያ ነው። ግን ያ ሰው ጀሪካን ከተሸከመ አረማመዱ ይቀየራል። ጭቃ ላይም እንደዚያው። ሌላ ሰው ሆኖ አይደለም፤ መንገዱና ሸክሙ ተለውጦ ነው። የልጁን የድሮ ጽሑፎች ስናይ አንዱ ስለ መስቀል በዓል፣ አንዱ ስለ ልጅነቱ፣ አንዱ ለአክስቱ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ሦስቱም ትረካ ናቸው። አዲሱ ድርሰት ደግሞ ክርክር ነው፤ ምክንያትና ውጤት ያያይዛል። «በመሆኑም» ክርክር ውስጥ በብዛት ይመጣል፤ ለአክስት በሚጻፍ ደብዳቤ ግን ማን ይለዋል? መምህሩ ያገኙት ልዩነት የሸክሙ ሊሆን ይችላል።

እኔን የሚያናድደኝ ሁለተኛው ስህተት ነው። «ይለያል» ሲባል ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው? ጎረቤታችሁን በአረማመዱ የምትለዩት የሌሎችንም አረማመድ ስለምታውቁ ነው። ስለዚህ ሦስት ዓይነት ርቀት ያስፈልጋል። የልጁ የድሮ ጽሑፎች እርስ በርሳቸው ምን ያህል ይራራቃሉ? አጠራጣሪው ድርሰት ከእነሱ ምን ያህል ይርቃል? ከክፍል ጓደኞቹ ጽሑፎችስ? የመጀመሪያውና ሦስተኛው ካልተለኩ የመካከለኛው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ርቀቱ የሚለካው እንዴት ነው? ብዙ የሚሠራበት መንገድ ጆን በሮውስ በ2002 ያቀረበው «ዴልታ» ነው። በ«ግን» እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል የተወሰዱ ናቸው። በክፍሉ ጽሑፎች ውስጥ «ግን» በአማካይ በሺህ ቃል 4 ጊዜ ይመጣል እንበል። የተለመደው መዋዠቅ፣ ማለትም መደበኛ ልይይቱ፣ 1.5 ነው። የልጁ የድሮ ጽሑፎች 7 አላቸው። ከ7 ላይ 4 ቀንሰን ለ1.5 ስናካፍል 2 ይሆናል። አጠራጣሪው ድርሰት 5.5 ካለው 1 ይሆናል። ልዩነታቸው 1 ነው። ይህን በጽሑፎቹ ውስጥ በብዛት ለሚገኙት ለምሳሌ 100 ቃላት እንደጋግመዋለን። የልዩነቶቹ አማካይ ዴልታ ይባላል። ትንሽ ሲሆን ቅርብ፣ ትልቅ ሲሆን ሩቅ ማለት ነው።

አሁን ወደ 900 ቃላችን እንመለስ። ድርሰቱ ውስጥ «ግን» 4 ጊዜ ካለ በሺህ 4.4 ይሆናል። 5 ጊዜ ካለ 5.6። አንዲት «ግን» ብቻ በመጨመሯ ውጤቱ በ0.7 ገደማ ዘለለ። ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሰርዝ ቁጥሩ ይገለበጣል። በአጭር ጽሑፍ ላይ መፍረድ ሰውን በሁለት እርምጃው እንደመለየት ነው። በዘርፉ ለአስተማማኝ ውጤት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መነሻ 5,000 ቃል አካባቢ ነው። በአንዳንድ ጽሑፎች ባነሰም ይሠራል፤ ተማሪን ከትምህርት ለማባረር ግን በ900 ቃል ላይ አልተማመንም።

አስተያየት ሰጪው «በአሜሪካ የታወቀ ጉዳይ በዚህ ተፈቷል» ሲል ተከራክሮኛል። እውነቱን ነው። የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ሞስቴለርና ዋላስ በ1964 ባሳተሙት ሥራ፣ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለመደገፍ በብዕር ስም ከታተሙት የፌዴራሊስት ጽሑፎች ውስጥ ሃሚልተን ወይስ ማዲሰን ጻፋቸው የሚባሉትን 12 አከራካሪዎች የማዲሰን ናቸው ብለዋል። ሃሚልተን «አፖን» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል በሺህ 3 ጊዜ ያህል ይጠቀማል፤ ማዲሰን ዘንድ ከስንት አንዴ ነች። ግን ሁኔታውን እንየው። ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። የሁለቱም ብዙ ጽሑፍ በእጅ ነበር። የፌዴራሊስት ጽሑፎቹ ሁሉ ስለ አንድ ሕገ መንግሥት፣ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ የተጻፉ ናቸው። የእኛ ልጅ ጉዳይ ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም። አልጻፈውም ከተባለ ማን ጻፈው? ወንድሙ? ጓደኛው? ገንዘብ የተከፈለው ሰው? ርቀቱን የሚለካው ፕሮግራም ከቀረቡለት መካከል በጣም የሚቀርበውን ስም ሁልጊዜ ያወጣል፤ እውነተኛው ጸሐፊ ዝርዝሩ ውስጥ ባይኖርም።

አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «የ» ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ። «ና» እና «ም» ደግሞ ከኋላ። ቃላትን በክፍተት እየለየ የሚቆጥር ፕሮግራም እነዚህን አያያቸውም፤ «በቤት»ን እና «ለቤት»ን ሁለት የማይገናኙ ቃላት ያደርጋቸዋል። ለዚህ ነው እኔ ከሙሉ ቃላት ጎን ሦስት ሦስት ወይም አራት አራት ፊደል እየቆረጥኩ የምቆጥረው። የፊደል ምርጫም አለ። «ፀሐይ» ወይስ «ጸሀይ»? «ሥራ» ወይስ «ስራ»? ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ግን ድርሰቱን ሌላ ሰው ከተየበው የታይፒስቱ ልማድ ይገባበታል። የእጅ ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥም ፊደሉን «ማረም» ማስረጃን ማጥፋት ነው። መጀመሪያ እንዳለ ይገልበጥ። ከዚያ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ መለካት ይቻላል። ውጤቶቹ ከተለያዩ ልዩነቱ ያለው ፊደሉ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ልጁ አፉን የፈታው በሲዳሙ አፎ ነው። በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ተማሪ በአንድ ዓመት ብዙ ሊለወጥ ይችላል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጽሑፉን ከአሁኑ ጋር ማነጻጸር የተማረውን ነገር በማስረጃነት እንደ ማቅረብ ሊሆንበት ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መምህሩን ያልኳቸው ይህ ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሁለት ሦስት የክርክር ድርሰቶች ይጻፍ፤ ርዕሱ ከዓሣ ማስገር የራቀ ይሁን። ፈቃደኛ ከሆኑ አሥር ያህል የክፍል ጓደኞቹም በተመሳሳይ ርዕስ ይጻፉ። ከአጠራጣሪው ድርሰት ከሌላ የተጠቀሱት አንቀጾች ይውጡ። ከዚያ ሦስቱን ርቀቶች እንለካለን። ድርሰቱ የልጁ ጽሑፎች እርስ በርስ በሚራራቁበት ልክ ከቀረባቸው ጥርጣሬው ድጋፍ አጣ ማለት ነው። ከእሱ ይልቅ ለጓደኞቹ ከቀረበ፣ ያም የምንቆጥራቸውን ቃላት ስንቀያይር ከጸና፣ ልጁን ጠርቶ ስለ ድርሰቱ ይዘት መጠየቅ ተገቢ ይሆናል። መረጃውን ከየት አገኘኸው? ረቂቁ የት አለ? አሞራ ገደል ማንን አነጋገርክ? እኔ የምጽፈው ሪፖርትም ከዚያ አያልፍም፤ «ይጣጣማል»፣ «አይጣጣምም» ወይም «በዚህ ርዝመት መለየት አይቻልም» ይላል። መምህሩ ባሳዩኝ ወረቀቶች ላይ የምሰጠው መልስ ሦስተኛው ነው።