አንድ ረጅም የደንበኛ ታሪክ ለሳምንት ፖስት እንዴት ይከፋፈላል

የደንበኛ የስኬት ታሪክ የሚባለው አንድ ገዢ ምርቱን ከመያዙ በፊት በምን ችግር ውስጥ እንደነበር፣ ምን እንዳደረገና ምን እንደተለወጠለት የሚተርክ ጽሑፍ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ሺህ ቃል አካባቢ ይሆናል። ይህን ለመጻፍ ደንበኛውን ቁጭ ብሎ ማነጋገር፣ ቁጥር ማሰባሰብና ፈቃድ መቀበል ያስፈልጋል። ይሄ ሁሉ ተለፍቶበት ጽሑፉ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፣ ሊንኩ አንድ ቀን ይለጠፋል፣ ከዚያ ይረሳል። የማርኬቲንግ ሰዎች ታሪኩን ለአንድ ሳምንት በሚበቁ አጫጭር ፖስቶች የሚከፋፍሉት ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ታሪኩን በማሳጠር ነው። አንድ ሺህ ቃሉን መቶ ያደርገዋል፣ ከዚያ ያንኑ መቶ ቃል አምስት ጊዜ እየገለባበጠ ይጽፋል። ውጤቱም ያው አንድ ፖስት አምስት ቀን ተደጋግሞ መውጣቱ ነው። የሚያዋጣው መንገድ ሌላ ነው። ታሪኩን እንደ ገዢ ማንበብና ገዢው የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች መለየት። ችግሩ የኔን ይመስላል? እንዴት ነው የሠሩት? ምን ያህል ተለወጠ? ምን አስቸገራቸው? እያንዳንዱ ፖስት አንዱን ጥያቄ ብቻ ይመልሳል።

አንድ ምሳሌ ፈጥረን እንከተል። የመጋዘን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚሸጥ ድርጅት አለ እንበል። ደንበኛው የመኪና መለዋወጫ አከፋፋይ ነው። ተመሳሳይ ዕቃዎች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ሠራተኞቹ እየተሳሳቱ ሌላ ዕቃ ይልካሉ። ከ100 ትዕዛዝ 6ቱ ተሳስቶ ይወጣል። ማታ ማታ ሁለት ሠራተኞች አምሽተው ይቆጥራሉ። ከዚያ በየመደርደሪያው ባርኮድ ተለጠፈ፣ ዕቃ ሲነሳ በስልክ ይነበባል። መለጠፉ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከአራት ወር በኋላ ስህተቱ ከ100 ትዕዛዝ ከ6 ወደ 2 ወረደ።

ፖስት መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ወደ ቃለ መጠይቁ ቅጂ መመለስ ይጠቅማል። ረጅሙ ጽሑፍ ውስጥ የገባው ደንበኛው ካወራው ትንሹ ነው። ጸሐፊው ለማማር ብሎ የቆረጠው ነገር አጭር ፖስት ላይ ነፍስ ይዘራል። በምሳሌያችን የታተመው ታሪክ «የቆጠራ ሂደቱ ተሻሽሏል» ይላል እንበል። ቅጂው ላይ ግን የመጋዘኑ ኃላፊ «የማታ ቆጠራ ቀረ። አሁን በጊዜ ቤቴ እገባለሁ» ብሏል። ሁለተኛው ነው ፖስት የሚሆነው።

አሁን ሳምንቱን እንደርድር። ሰኞ ችግሩ ብቻ ይወጣል። የምርቱ ስም እንኳ ባይነሳ ችግር የለውም። «ሁለት ዕቃ፣ አንድ ዓይነት ካርቶን፣ አንድ መደርደሪያ። ሠራተኛው አንዱን ያነሳል፣ ደንበኛው ሌላውን ነበር የፈለገው።» ይህን ያነበበ የመጋዘን ሰው ራሱን ያያል። ብዙ ድርጅት ሰኞን በውጤቱ ቁጥር ይከፍታል፤ እኔ አልመክረውም። አንባቢው ደንበኛውን አያውቀውም፣ ስለዚህ የተሻሻለው ነገር ምን እንደሚያህል አይገባውም።

ማክሰኞ የኃላፊው ንግግር ከፎቶው ጋር ይወጣል። ረቡዕ አሠራሩ ነው፣ እሱም በተንሸራታች ምስሎች ያምራል። አንዱ ምስል የድሮውን መደርደሪያ፣ ቀጣዩ የባርኮዱን አቀማመጥ፣ ቀጣዩ ሠራተኛው ሲያነብ ያሳያል። ኢንስታግራም ላይ ምስሎቹ ተከታትለው ይወጣሉ፣ ሊንክድኢን ላይ ደግሞ እንደ ፒዲኤፍ ሰነድ ይጫናሉ። ከስድስት ወይ ከሰባት ምስል በላይ መሄድ አያስፈልግም።

ሐሙስ ቁጥሩ ይወጣል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ አጭር ፖስት ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ቁጥር ላይ ነው። ረጅሙ ታሪክ ቁጥሩን ከነዙሪያው ይዞታል። ከስንት ተነስቶ ስንት እንደደረሰ፣ በስንት ጊዜ፣ ሌላ ምን እንደተለወጠ እዚያ አለ። ቁጥሩ ብቻውን ተነቅሎ ሲወጣ ይሄ ሁሉ ይቀራል። ከ6 ወደ 2 የሚለው «ስህተት በ67 በመቶ ቀነሰ!» ይሆናል። ስሌቱ ልክ ነው፣ ምክንያቱም አራቱ ከስድስቱ ሁለት ሦስተኛ ናቸው። አንባቢው ግን ከስንት እንደሆነ አያውቅም። ከ100 ትዕዛዝ 60ው ይሳሳት የነበረም ሊመስለው ይችላል። የባሰው ደግሞ ሁለትን ከስድስት ቀንሶ «በ4 በመቶ ቀነሰ» የሚል ነው፤ ይሄ ስህተት ነው። ልዩነቱ አራት የመቶኛ ነጥብ ነው እንጂ አራት በመቶ አይደለም።

የተሻለው ፖስት ይህን ይመስላል፦ «ከ100 ትዕዛዝ 6ቱ ተሳስቶ ይወጣ ነበር። ከአራት ወር በኋላ 2 ደረሰ። ሠራተኛ አልተጨመረም። የተጨመረው የመደርደሪያው ባርኮድ ነው።» አጭር ነው፣ ግን መነሻው፣ መድረሻውና ጊዜው አብረው አሉ። «ሠራተኛ አልተጨመረም» የሚለው መግባት ያለበት እውነት ከሆነ ብቻ ነው። በዚያው አራት ወር ደንበኛው አዲስ ሠራተኛ ቀጥሮ ወይም መጋዘኑን አስፍቶ ከነበረ፣ ያም አብሮ ይነገራል። ያንን የማያስችል ቦታ ላይ ቁጥሩን ባያወጡት ይሻላል።

ዓርብ ያስቸገረው ነገር ይወጣል፤ ባርኮድ መለጠፉ ሦስት ሳምንት መፍጀቱና በዚያ ጊዜ ሥራው መንቀራፈፉ። ሻጭ ይህን ማውጣት ይፈራል። ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግን ከሁሉ የሚፈልገው ይህንን ነው፣ ምክንያቱም እሱም ሦስት ሳምንቱን ማቀድ አለበት። የሙሉው ታሪክ ሊንክም እዚህ ላይ ጥሩ ቦታ ያገኛል። እስከዚህ የመጣ አንባቢ ዝርዝር ይፈልጋል።

ይህ ቅደም ተከተል ግን ለጸሐፊው ነው፤ አንባቢው በዚያ ተራ አያገኘውም። የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች እያንዳንዱን ፖስት ለሁሉም ተከታይ አያሳዩም፣ የሐሙሱን ያየ ሰው የሰኞውን ላያይ ይችላል። «ባለፈው እንዳልነው» ወይም «ክፍል ሁለት» የሚሉ ፖስቶች የሚከሽፉት ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ፖስት ብቻውን መቆም አለበት። ደንበኛው ምን ዓይነት ድርጅት እንደሆነ በአንድ ሐረግ በየፖስቱ ይነገር፤ «የመኪና መለዋወጫ አከፋፋይ» ማለት ብቻ ይበቃል። መቆሙን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ታሪኩን ጨርሶ ለማያውቅ ባልደረባ አንዱን ፖስት ብቻ አሳይቶ ምን እንደተረዳ መጠየቅ። «ማነው እሱ?» ወይም «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ካለ ገና አላለቀም። ፖስቱ ወጥቶ ኮሜንት ላይ እነዚህ ጥያቄዎች ከመጡም ትርጉሙ ያው ነው።

ርዝመቱን የሚወስነው ቦታው ነው። ሊንክድኢን እስከ 3,000 ፊደል ይቀበላል፣ ግን ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች በኋላ ያለውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ነገሩ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይጀምር። ቴሌግራም ላይ ተራ መልእክት 4,096፣ ፎቶ ሥር የሚጻፍ ደግሞ 1,024 ፊደል ድረስ ይሄዳል። ኤክስ ላይ መደበኛው ልክ 280 ነው፤ የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ እንደ ሁለት ስለሚቆጠር በአማርኛ የሚበቃው 140 ገደማ ብቻ ነው። የሐሙሱ ፖስታችን እዚያ ይገባል፤ ሌላ ነገር ከተጨመረበት ግን መቆንጠጥ ሊኖርበት ይችላል። ከተቆነጠጠ መጀመሪያ የሚወጣው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ይሁን፤ «ከ100» እና «ከአራት ወር በኋላ» አይነኩም።

ሌላው አደጋ ፈቃድ ነው። ደንበኛው የፈቀደው ረጅሙን ጽሑፍ ነው። ከውስጡ አንድ ዓረፍተ ነገር ተነጥሎ ከፎቶው ጋር ሲወጣ ሌላ ነገር ይሆናል። ኃላፊው «በጊዜ ቤቴ እገባለሁ» ያለው በወሬ መሐል ነው፤ አለቃው ሲያነበው ግን መጋዘኑ ሠራተኛ ያስመሽ ነበር የሚል ወቀሳ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ አምስቱም ፖስቶች በአንድ ሰነድ፣ ከነምስላቸውና ከሚወጡበት ቦታ ጋር፣ ሳምንቱ ሳይጀመር ለደንበኛው ይላካሉ። በየቀኑ አንድ አንድ እየላኩ ማስፈቀድ ሁለቱንም ወገን ያሰለቻል፣ መልሱም ይዘገያል። ተከፍሎበት ማስታወቂያ ሆኖ የሚወጣ ካለ ለብቻው ይጠየቅ። ድረ ገጽ ላይ መውጣትን የፈቀደ ሰው ፊቱ ማስታወቂያ ላይ እንዲዞር ፈቅዷል ማለት አይደለም።

ንግግር ሲያጥርም ጥንቃቄ አለው። ከመሐል ተደጋጋሚ ቃል ማውጣት ያስኬዳል። በሃያኛው ደቂቃ የተባለውንና በአርባኛው ደቂቃ የተባለውን ገጥሞ አንድ ጥቅስ ማድረግ ግን አያስኬድም። ሰውዬው ያላለውን ማስባል ይሆናል። ሁለቱም ጥሩ ከሆኑ ሁለት ፖስት ይሁኑ።

ሳምንቱ ሲያልቅ የትኛው ፖስት ሰው እንዳመጣ ለማወቅ ሊንኮቹ ቀድመው መለየት አለባቸው። ከሊንኩ መጨረሻ ላይ መለያ ይቀጠላል፤ የዘመቻው ስም በሁሉም ላይ አንድ ሆኖ የመጨረሻው ምልክት ብቻ በየፖስቱ ይቀየራል፦

```
?utm_source=linkedin&utm_medium=social&utm_campaign=parts-story&utm_content=fri-hard-part
```

የሰኞው ላይ `mon-problem`፣ የሐሙሱ ላይ `thu-number` ይሆናል። ታሪኩ ቴሌግራምም ላይ ከወጣ `utm_source` ይቀየራል። አጻጻፉ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንድ ቦታ `LinkedIn`፣ ሌላ ቦታ `linkedin` ከተባለ ጉግል አናሊቲክስ ሁለት ምንጭ አድርጎ ይቆጥረዋል። ኢንስታግራም ላይ ከፎቶ ሥር የተጻፈ ሊንክ አይከፈትም፣ ስለዚህ እዚያ ጠቅታ መቁጠር ትርጉም የለውም። እዚያ መታየት ያለበት ስንት ሰው ፖስቱን እንዳስቀመጠውና ለሌላ እንደላከው ነው። የአሠራር ፖስት ላይክ ሳይበዛለት ብዙ ሊቀመጥ ይችላል፤ በላይክ ብቻ ፈርዶ መጣል ያሳስታል።

ሁሉም ታሪክ አምስት ፖስት አይወጣውም። ደንበኛው ቁጥር መስጠት ካልፈለገ ሐሙስ ባዶ ይሆናል፤ ቦታውን በለዘበ ሙገሳ ከመሙላት ሳምንቱን ወደ አራት ቀን ማሳጠር ይሻላል። ቃለ መጠይቁ ላይ የተናገረው ሻጩ ብቻ ከሆነም ማክሰኞ የለም። እንዲህ ያለ ታሪክ ሁለት ወይ ሦስት ፖስት ይወጣዋል። የተቀረው ደንበኛውን እንደገና ደውሎ መጠየቅ ነው፤ «ሥራችሁ የተለወጠበትን አንድ ቀን ንገሩኝ» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የጎደለውን ያመጣል።

ፖስቶቹ ከወራት በኋላ ተመልሰው ሊወጡ ይችላሉ። ያኔ ሦስት ነገር ይጣራል። ደንበኛው አሁንም ደንበኛ ነው ወይ፣ የተናገረው ሰው አሁንም እዚያ ይሠራል ወይ፣ ቁጥሩስ መቼ የተለካ ነው። ኃላፊው ሥራ ከቀየረ ጥቅሱ «በጊዜው የመጋዘን ኃላፊ» ተብሎ ይወጣል፣ ወይም ይቀራል። ቁጥሩ ላይ የተለካበት ወርና ዓመት ይጨመርበታል።